ሠላሳ አንዱ ማርክ የማን ነው?

«ወንድሜ 12ኛ ክፍል ነው። የድሮ ማትሪክ ፎቶ ኮፒ አስደርጌለት በየማታው ይሠራል። ሒሳብ ላይ ግን ከ65ቱ 30፣ 31 ላይ ቆሟል። የሌላ ዓመት ፈተና ልጨምርለት ወይስ ይብቃው?»
አንዲት አንባቢ፣ ከባሕር ዳር

አትጨምሪለት፣ እህቴ። መጀመሪያ 31ዱን እንበትነው።

ከተማችን ውስጥ አንድ ፉክክር አለ። ተማሪዎች ሲገናኙ «የስንት ዓመት ሠራህ?» ይባባላሉ። የሰባት ዓመቱን ጨርሻለሁ ያለው ጀግና ነው። የሳተውን ምን እንዳደረገው የሚጠይቀው የለም። እኔ ደግሞ ፈተና የተሠራው ለምን እንደሆነ የማውቀው የሚቀጥለውን ሳምንት ፕሮግራም አይቼ ነው። ከፕሮግራሙ አንድ መስመር ካልተሰረዘ፣ አንድ መስመር ካልተጻፈ፣ የፈተናው ሦስት ሰዓት ባክኗል እላለሁ።

ባለፈው ዓመት ያስጠናኋት አንዲት ልጅ ነበረች። ቤታቸው ከጣና ዳር ብዙ አይርቅም። እሷም በየማታው፣ እራት ከበላች በኋላ፣ አሥር ጥያቄ ዛሬ፣ አሥር ነገ እያለች ትሠራ ነበር። ይህ ልምምድ ነው፤ ክፋት የለውም። ፈተና ግን አይደለም። ሦስት ሰዓት መቀመጥ፣ አንገት መድከም፣ ሃምሳኛው ጥያቄ ላይ ፊደል መደብዘዝ የሚባለው ነገር እዚያ ውስጥ የለም።

ስለዚህ ቅዳሜ ጠዋት 3 ሰዓት ላይ ቀጠርናት። እናቷ ገበያ ስለሚሄዱ ቤቱ ጸጥ ይላል። ስልኳ ሌላ ክፍል ገባ፤ ጠረጴዛው ላይ የግድግዳ ሰዓት ተጋደመ። የወረቀቱ ሽፋን 65 ጥያቄ፣ 3 ሰዓት ይላል። ለአንድ ጥያቄ ወደ 2 ደቂቃ ከ45 ሴኮንድ ይደርሳል ማለት ነው። አሥሩን በ28 ደቂቃ መጨረስ አለባት።

ሦስት ነገር ብቻ ጠየቅኳት። ሠርታ የመለሰችው ላይ «ሠ»፣ በግምት ያጠቆረችው ላይ «ግ» ትጻፍ። በየአሥሩ ጥያቄ ሰዓቱን ጠርዝ ላይ ታስፍር። ሰዓቱ ሲያልቅ ደግሞ ያልደረሰችባቸውን በጭፍን ታጥቁር፤ ከዚያ እስክሪብቶ ቀይራ እነዚያኑ በቀይ፣ ያለ ሰዓት ትሥራ። ቀዩ ማርክ ውስጥ አይገባም።

ውጤቱ 31 ሆነ። እንደ ወንድምሽ።

አሁን እንበትነው። ሠርታ የመለሰችው 45 ጥያቄ ነው። ከእነሱ 26ቱን አገኘች። መሐል ላይ 7 ገምታለች፤ መጨረሻ ላይ 13 ሳታነብ አጥቁራለች። በድምሩ 20 ግምት። ከ20ው 5 ተመታላት። አራት ምርጫ ባለው ጥያቄ ከአራት አንዱ በዕድል ይገኛልና ቁጥሩ አያስገርምም። የእሷ ማርክ 26 ነው፤ 5ቱ የዕድል ነው። ዕድል ደግሞ አንድ ቅዳሜ 3፣ ሌላ ቅዳሜ 8 ይሰጣል። ውጤት ወጣ ወረደ እያለ ልጅን የሚያደናግረው አንዱ ምክንያት ይህ ነው።

ቀዩን እንይ። ካልደረሰችባቸው 13 ጥያቄዎች 8ቱን በ35 ደቂቃ በትክክል ሠራቻቸው። እነዚህን ታውቃቸዋለች፤ የነጠቃት ሰዓት ነው። የት ሄደ? ጠርዙ ላይ ተጽፏል። የመጀመሪያዎቹ 10 ጥያቄዎች 44 ደቂቃ በልተዋል። ሰባተኛዋ ብቻዋን 11 ደቂቃ። «ልጨርሳት ስል» አለችኝ። እልህ ነው እንጂ ሒሳብ አይደለም።

የቀሩት ሠርታ የሳተቻቸው 19 ናቸው። አንድ በአንድ፣ መልሱን ሸፍና ደግማ እንድትሠራቸው አደረግኳት። 6ቱ የምልክት ስሕተት፤ መቀነሻው መሐል ላይ ጠፍቶባታል። 4ቱ ጥያቄውን ማንሻፈፍ፤ «ያልሆነው የቱ ነው» ሲላት የሆነውን መርጣለች። 9ኙ ግን ደግማም አልቻለችም። ከ9ኙ 6ቱ ማትሪክስና ዲተርሚናንት ናቸው። ጠየቅኳት፤ የ11ኛ ክፍሉ ትምህርት በተቆራረጠበት ጊዜ ምዕራፉን ጭራሽ አልተማሩትም። እዚህ ላይ ብዙ አስጠኚ ይሳሳታል፤ ተጨማሪ ጥያቄ ይሰጣል። ያልተማሩትን በጥያቄ ብዛት አያገኙትም። መጽሐፍና የሚያስረዳ ሰው ነው የሚያስፈልገው።

የሰኞና የረቡዕ ማታ ፕሮግራሟ «ሒሳብ ማንበብ» ይል ነበር። ምን እንደሚነበብ አይልም። አይቼ ሳቅሁ፤ እኔም ተማሪ ሳለሁ እንዲሁ ነበር የምጽፈው። ተሰረዘ። በቦታው ሰኞ ማትሪክስ ማባዛትና መደመር ከመጽሐፉ ምሳሌ፣ ረቡዕ ዲተርሚናንት፣ ሁለቱም ከ1 ሰዓት እስከ 2 ሰዓት ተኩል ተጻፈ። ማክሰኞና ዓርብ 28 ደቂቃ፣ 10 ጥያቄ፣ አንድ ደንብ ብቻ፤ 4 ደቂቃ ያለፈባት ጥያቄ ትከበብና ትታለፋለች። ለምልክት ስሕተት የተለየ ሰዓት አልሰጠሁም። መቀነሻ ሲኖር ቅንፍ ሳትከፍት ወደ ሚቀጥለው መስመር እንዳትሄድ ብቻ ነው የነገርኳት።

ይህ ሁሉ ሰዓት ከየት መጣ? ተከታታይ ቁጥሮች ላይ ከ8 ጥያቄ 7 አግኝታለች፤ ሆኖም ስለምትወደው እሑድ እሑድ ሁለት ሰዓት ትደግመው ነበር። እሱን ቀነስንባት። አኮረፈች። የሚያውቁትን ማጥናት ደስ ይላል፤ እኔም አልፈርድባትም።

ከሁለት ሳምንት በኋላ፣ ቅዳሜ 3 ሰዓት፣ የሌላ ዓመት ፈተና። 35 አመጣች። እናቷ «ይኸው ነው? አራት?» አሉ። ስንበትነው ግን ሠርታ የመለሰችው 58 ሆኗል፤ ከእሱ 33 አግኝታለች። የገመተችው 7 ብቻ፣ የተመታላት 2። የራሷ ማርክ ከ26 ወደ 33 ሄዷል። የመጀመሪያዎቹ አሥር 30 ደቂቃ ፈጁ። ማትሪክስ ላይ ከ5 ጥያቄ 3 አግኝታለች። የምልክት ስሕተቱ ግን እዚያው 6 ነው። የቅንፉ ምክሬ አልሠራም። ስለዚህ ለእሱም ማክሰኞ ላይ 15 ደቂቃ ተቆረጠለት፤ የራሷን የተሳሳተ ሥራ ይዛ መቀነሻው የጠፋበትን መስመር እንድትፈልግ።

ወንድምሽ ጋ ከመጀመርሽ በፊት ወረቀቱን እይው። ፎቶ ኮፒ ቤት የሚገኘው ብዙ ጊዜ የቀድሞ ባለቤቱ እርሳስ አለበት፤ ዓይን መልሱ ላይ ካረፈ ማርኩ ውሸት ነው። በቴሌግራም የሚዞረው የመልስ ቁልፍም ይሳሳታል። ወንድምሽ ሁለቴ ሠርቶ ሁለቴም ከቁልፉ የተለየ መልስ ካገኘ ለመምህሩ ያሳየው። መጽሐፉም ተለውጧል፤ አሁን በያዘው መጽሐፍ ውስጥ የሌለ ርዕስ የቆየ ፈተና ላይ ቢመጣ ይሰረዝና ማርኩ ከቀሪው ይሰላ። በኦንላይን የሚፈተን ከሆነ ደግሞ ጥያቄው ላይ መጻፍ አይችልምና ከአሁኑ በተለየ ወረቀት ላይ መሥራት ይልመድ።

ያልተነኩ የስንት ዓመት ፈተናዎች ቀርተውታል? ሦስቱን ቆልፊባቸው፤ ለመጨረሻዎቹ ስድስት ሳምንታት ናቸው። ለዚህ ቅዳሜ ግን ከወር በፊት የሠራውን አንዱን ንጹሕ ኮፒ አውጪለት። መልሱን ቢያስታውስም ግድ የለም። ከመጀመሪያው ቅዳሜ የምትፈልጊው ጠርዙ ላይ የሚጻፈውን ሰዓት ነው።