ጁን 1 በዜል የተላከው ኪራይ ምን አደረገ?

«ሊዛችን ሜይ 31 አለቀ። እንደ ወትሮው ጁን 1 ኪራዩን በዜል ላክሁ፤ አከራያችንም ምንም አላሉም። አሁን ሌላ ቤት አግኝቻለሁ። ዛሬ ጁን 10 ነው፤ ዛሬ ነግሬያቸው ልክ በወሩ፣ ጁላይ 10፣ ብወጣ ዕዳ የለብኝም አይደል? የምንኖረው አሌክሳንድሪያ ነው።»

አለብዎት። ኪራዩ በወር 1,800 ዶላር ከሆነ የጁላይን ሙሉ 1,800 ይጠየቃሉ፤ ከጁላይ 11 እስከ 31 ላሉት፣ ቁልፍ አስረክበው ለማይኖሩባቸው 21 ቀናት ጭምር ማለት ነው። ቨርጂኒያ ውስጥ ወር በወር የሚከራይ ሰው፣ ውሉ ሌላ ካላለ በቀር፣ መውጣቱን በጽሑፍ ማሳወቅ ያለበት ከሚቀጥለው የኪራይ መክፈያ ቀን ቢያንስ 30 ቀን ቀድሞ ነው። ከጁን 10 እስከ ጁላይ 1 ያለው 21 ቀን ስለሆነ አይበቃም። ስለዚህ የዛሬው ደብዳቤዎ የሚይዘው ለኦገስት 1 ነው፤ ኪራዩም የሚያበቃው ጁላይ 31 ይሆናል። ደብዳቤውን ጁን 1፣ ገንዘቡን በላኩበት ቀን ሰጥተው ቢሆን ኖሮ ግን በጁን መጨረሻ ከነጓዝዎ በነፃ ይወጡ ነበር። ዘጠኝ ቀን መዘግየትዎ የአንድ ወር ኪራይ አስከተለ።

ይህን ጥያቄ በየክረምቱ መባቻ በተለያየ አንደበት እሰማዋለሁ። ጠያቂዎቹ ሁሉ ቀን መቁጠር የሚያውቁ ሰዎች ናቸው፤ ያልተረዱት ጁን 1 ላይ ውላቸው ባሕርዩን መቀየሩን ነው። እስከ ሜይ 31 የነበራቸው የተወሰነ ጊዜ ውል ነበር። እንዲህ ያለው ውል መጨረሻው ከመጀመሪያው ተጽፎበታል፤ ቀኑ ሲደርስ ማንም ምንም ባይል በራሱ ያልቃል። ወር በወር የሚሄደው ኪራይ ግን ተቃራኒው ነው። ማንም ምንም ካላለ አያልቅም፤ አንዱ ወገን በቂ ጊዜ ሰጥቶ «በቃ» እስኪል ድረስ ወር በገባ ቁጥር ራሱን ያድሳል። የመጀመሪያውን ዝምታ ይገድለዋል፤ ሁለተኛው በዝምታ ይኖራል። ጠያቂያችን ኪራዩን ልከው አከራዩ ሲቀበሉ፣ ሁለቱም ሳያስቡት ከአንደኛው ወደ ሁለተኛው ተሻገሩ።

የተሻገሩት ታዲያ ከነጓዛቸው ነው። አዲስ ውል ካልተፈረመ በቀር የአሮጌው ውል አንቀጾች ሁሉ፣ የውሻው ክልከላም የመኪና ማቆሚያውም፣ እንዳሉ ይቀጥላሉ። ባለቤቱ በጽሑፍ ሊለውጡት የሚችሉት ኪራዩን ነው፤ እሱም ማስታወቂያውን ከሰጡ 30 ቀን ካለፈ በኋላ ከሚመጣው የመክፈያ ቀን ጀምሮ ነው። ጁን 10 «ኪራዩ 2,000 ሆኗል» ብለው ቢጽፉ ጁላይ 1 ላይ 2,000 መጠየቅ አይችሉም፤ ኦገስት 1 ይችላሉ። ተከራዩን የጎዳው አቆጣጠር እዚህ ላይ አከራዩን ይይዛቸዋል፤ እኔ ፍትሐዊ ነው እላለሁ።

ከዚህ የሚለየውና የሚያስፈራው ደግሞ ያለ ባለቤቱ ፈቃድ ጊዜን አሳልፎ መቀመጥ ነው። አንድ የማውቀው ሰው እዚያው አሌክሳንድሪያ በ1,800 ዶላር ይኖር ነበር። ባለቤቱ ገና በማርች «አላድስም፤ ሜይ 31 ቤቴን እፈልጋለሁ» ብለው ጽፈውለታል። እሱ ቤት ሊገዛ ስለነበር አልተከፋም። ነገር ግን ባንኩ አንድ ወረቀት ጎድሎ የቤቱ ርክክብ 12 ቀን ዘገየ። «12 ቀን ምን አላት፣ የቀኑን ሒሳብ እከፍላለሁ» አለ። ችግሩ ሊዙ ገጽ ስድስት ላይ፣ በደቃቁ ጽሑፍ፣ ጊዜውን ላሳለፈ ተከራይ የዕለት ኪራዩን አንድ ተኩል እጥፍ የሚያስከፍል አንቀጽ መኖሩ ነበር። የቨርጂኒያ ሕግ አከራይ እንዲህ ያለውን ቅጣት በውሉ ውስጥ እንዲያስገባ ይፈቅዳል፤ ጣሪያው 150 በመቶ ነው። 1,800 ለ30 ሲካፈል በቀን 60 ዶላር፣ አንድ ተኩል እጥፉ 90 ዶላር፣ በ12 ቀን 1,080 ዶላር። በተለመደው ሒሳብ 720 ይሆን ነበር።

የ360 ዶላሩ ልዩነት ግን የጉዳዩ ቀላሉ ክፍል ነው። በውሉ ውስጥ እንዲህ ያለ አንቀጽ ባይኖር እንኳ ባለቤቱ ፍርድ ቤት ሄደው የደረሰባቸውን እውነተኛ ጉዳት፣ ተገቢውን የጠበቃ ክፍያና የፍርድ ቤት ወጪ መጠየቅ ይችላሉ። አዲሱን ተከራይ ጁን 1 ተቀብለው ቢሆንና ያ ሰው ዕቃውን በጭነት መኪና ይዞ በር ላይ ቢቆም፣ የሆቴሉ ሒሳብ ዞሮ ወደ ማን እንደሚመጣ መገመት አያስቸግርም። ሕጉ አንዲት ቀዳዳ ትቷል፤ ተከራዩ በቀኑ አለመውጣቱ ምክንያታዊ እንደነበር ካስረዳ ከነዚህ ሊድን ይችላል። የባንክ ወረቀት መዘግየት ግን ምክንያታዊ ይባል ወይስ አይባል ዳኛው ናቸው የሚያውቁት፤ እኔ በዚያ ላይ አልወራረድም። ከዚያ ሁሉ የከፋው የማስለቀቂያ ክስ አንዴ ከተመዘገበ ቀጣዩ አከራይ የተከራይነት ታሪክ ሲያጣራ ሊያገኘው መቻሉ ነው።

ይህ ሁሉ ቨርጂኒያ ነው። የፖቶማክን ወንዝ ተሻግረው ዋሽንግተን ዲሲ ሲገቡ ያው ወረቀት፣ ያው ቀን፣ ሌላ ትርጉም አለው። የዲሲ ሕግ ተከራይ ሊዙ ቢያልቅም ኪራዩን እስከከፈለ ድረስ ከቤቱ አይባረርም ይላል። ባለቤቱ ሕጉ ከዘረዘራቸው ምክንያቶች አንዱን መያዝ አለባቸው፤ «ጊዜው አለቀ» ደግሞ ከዝርዝሩ ውስጥ የለም። ቤቱን ራሳቸው ሊኖሩበት ቢፈልጉ እንኳ የ90 ቀን ማስታወቂያ ይሰጣሉ፤ ካስለቀቁ በኋላም ለ12 ወር ያንን ቤት አከራይተው ኪራይ መቀበል አይችሉም። በሰሜን ያለችው ሜሪላንድ መካከል ላይ ናት። ባለቤቱ ፈቅደው የቀጠለ ተከራይ ወር በወር ይሆናል፤ ያንን ለማቋረጥም ባለቤቱ 60 ቀን ቀድመው ያሳውቃሉ። ሳይፈቅዱለት የቆየ ሰው ያደረሰውን ጉዳት ይከፍላል፤ ያም ከቀድሞው ኪራይ ሒሳብ አያንስም።

የእኛ ሰው ቤተ ክርስቲያኑ ዲሲ፣ ሥራው ቨርጂኒያ፣ ዘመዱ ሲልቨር ስፕሪንግ ነው። ቡና ላይ የሰማውን ይዞ ድልድይ ይሻገራል፤ ሕጉ ግን አብሮት አይሻገርም። «ሊዝ ቢያልቅም ማንም አያስወጣህም» የሚለው ምክር ከዲሲ ነዋሪ አፍ ሲወጣ እውነት ነው፤ አሌክሳንድሪያ ሲደርስ ሰው ያስከስሳል። ከአገር ቤት ይዘነው የመጣነው ልማድም አይረዳንም። አዲስ አበባ ብዙዎቻችን የተከራየነው በቃል፣ የወጣነውም «ልጄ ሊያገባ ነው» በሚል በአንድ ወር ወሬ ነበር። እዚያም ቢሆን በ2016 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 1320 የመኖሪያ ቤት ኪራይ ውል በጽሑፍ እንዲሆንና ከሁለት ዓመት እንዳያንስ ደንግጓል።

አከራዮቻችንም ከዚህ ስሕተት ነፃ አይደሉም፤ እንዲያውም የእነሱ ይብሳል ብዬ አምናለሁ። ምድር ቤታቸውን ለአንድ ዓመት ያከራዩ አንዲት እናት ዓመቱ ሲሞላ ከአገር ቤት የምትመጣ እህታቸውን ሊያሳርፉበት አስበው ነበር። ለተከራዩ በቃል ነገሩት። ወሩ ሲጠባ ስልካቸው «ገንዘብ ገብቶልዎታል» አለ፤ ይሉኝታ ይዟቸው ዝም አሉ። ባንኩ ገንዘቡን ሲያስገባ እሳቸውን አልጠየቀም፤ መመለስ ግን ይችሉ ነበር፣ ወይም በዚያው ዕለት «ይህን የተቀበልኩት እንድትቀጥል ተስማምቼ አይደለም» ብለው መጻፍ። ሁለት ወር ተቀብለው በሦስተኛው የበሩን ቁልፍ ለማስቀየር ሠራተኛ ሊጠሩ ሲሉ ነው ያገኘኋቸው። ቤታቸው ቨርጂኒያ ነው። እዚያ ያለ ፍርድ ቤት ትእዛዝ ቁልፍ የቀየረ ወይም መብራት ያቋረጠ አከራይ፣ ተከራዩ ከከሰሰ፣ ከደረሰው ጉዳት በተጨማሪ 5,000 ዶላር ወይም የአራት ወር ኪራይ፣ ከሁለቱ የሚበልጠውን፣ ሊፈረድበት ይችላል። በ1,500 ዶላር ለሚከራይ ምድር ቤት 6,000 ዶላር ነው። እህትየዋ ሳሎን ውስጥ ሁለት ወር ተኛች፤ ተከራዩ በሥርዓት በተጻፈ ማስታወቂያ ወጣ።

ወር በወር መኖር ታዲያ መጥፎ ነው ወይ? አይደለም። ቤት እየገዛ ላለ፣ ሥራው ላልረጋ፣ ሚስቱ በዚህ ክረምት ትምጣ በሚቀጥለው ላልታወቀ ሰው ከአዲስ የዓመት ሊዝ ይሻለዋል፤ ትልልቆቹ አፓርታማዎች ለዚህ በወር ጥቂት መቶ ዶላር ቢጨምሩበት እንኳ ሊዝ አፍርሶ የሚከፈለው ቅጣት ከዚያ ይበልጣል። እኔ የምቃወመው ሳያውቁ እዚያ መግባትን ነው። ሊዙ ከማለቁ 60 እና 90 ቀን በፊት ስልካችሁ ላይ ማንቂያ ሙሉ፤ ብዙ ሊዞች መውጣትን ቀድሞ ማሳወቅ የሚጠይቁት በዚያ ጊዜ አካባቢ ነው፤ ያለማሳወቅ ምን እንደሚያስከትልም እዚያው ተጽፏል።

ወደ ጠያቂያችን ልመለስ። ደብዳቤውን ዛሬውኑ ይጻፉ፤ ነገ ቢሆንም ሕጉ ያው ኦገስት 1 ነው የሚልዎት፣ ነገር ግን በእጅዎ ያለው ሌላው መንገድ ስምምነት ስለሆነ ጊዜ ያስፈልግዎታል። አከራይዎ ተተኪ ተከራይ ካላቸው ጁላይ 10 ለሁለታችሁም ይመቻል። እንዲህ ብለው ይላኩላቸው፦ «ቤቱን ጁላይ 10 ለማስረከብ አስቤአለሁ። የጁላይን ኪራይ እስከ 10 ቀን ብቻ እንድከፍል ከተስማሙ ለዚህ መልእክት ‹ተስማምቻለሁ› ብለው ይመልሱልኝ። ካልተስማሙ ይህ ጽሑፍ ጁላይ 31 እንደምወጣ ማሳወቂያ ይሁንልኝ።» መልሱ ሲመጣ ገጹን ፎቶ አንስተው ያስቀምጡት። እሳቸው ዝም ካሉ፣ ዝምታቸው በዚህ ጊዜ ስምምነት አይደለም፤ እስከ ጁላይ 31 ይክፈሉ፣ ቁልፉንም እስከዚያ ቀን ይያዙት።