ዕቃዬ መገናኛ፣ ኢንሹራንሴ ፒያሳ

የነበርኩበት ሕንፃ ለኮሪደር ልማት ተነሳና የጨርቅ ሱቄን ከፒያሳ ወደ መገናኛ አዛወርኩ። ዕቃ በጫንኩበት ቀን ለኢንሹራንስ ወኪሌ ደወልኩ። «እሺ ጋሼ፣ እኔ አሳውቃለሁ፣ አይጨነቁ» አለኝ። አመንኩት። በየዓመቱ አረቦን የሚቀበለኝ እሱ ነዋ!

ከሦስት ሳምንት በኋላ ማታ የሕንፃው ጥበቃ ደወለልኝ። «ምድር ቤት ካለው ምግብ ቤት ጭስ እየወጣ ነው» አለኝ። በሩጫ ደረስኩ። የተቃጠለ ዘይት ነበር፣ ተመስገን። እኔ ግን ቁልፌን እንደጨበጥኩ ጣቃዎቹን እያየሁ ቆሜ ቀረሁ።

ጠዋት ፖሊሲውን አውጥቼ ከኋላ ያለውን ደቃቅ ጽሑፍ አነበብኩ። የእሳት ዋስትናው የሚሠራው እዚያ ላይ በተጻፈው አድራሻ ላለ ዕቃ ብቻ ነው። ኩባንያው በጽሑፍ ሳይፈቅድ ዕቃው ሌላ ቦታ ከሄደ ዋስትናው ይቋረጣል። ቤቱ ከ30 ቀን በላይ ሰው ሳይኖርበት ባዶ ከቆየም እንደዚያው። ጎረቤቴ መጋዘኑን ዘግቶ ክፍለ ሀገር ከሄደ ሦስት ወሩ ነው። ወዲያው ደውዬ ነገርኩት።

ቅርንጫፉ ሄድኩ። ስለ መዛወሬ የሚያውቅ ሰው የለም! ወኪሉ ለማንም አልተናገረም። «በደብዳቤ ያመልክቱ» ተባልኩ። አሮጌውንና አዲሱን አድራሻ፣ የፖሊሲ ቁጥሩን፣ የተዛወርኩበትን ቀን ጽፌ፣ የኪራይ ውሌን አያይዤ አስገባሁ። በሳምንቱ ስሄድ ደብዳቤው ጠፍቷል። ማስገባቴን የማሳይበት ምንም የለኝም። እንደገና ጻፍኩ። አሁን ግን በሁለት ኮፒ አድርጌ፣ የእኔው ላይ መዝገብ ቤቱ ቀንና ቁጥር ጽፎ ማኅተም እስኪመታበት አልተንቀሳቀስኩም።

ከዚያ መሐንዲስ መጥቶ ያያል ተባለ። ማየቱ ልክ ነው፣ አልቃወምም። ፒያሳ ጎረቤቴ ጫማ ሻጭ ነበር፣ እዚህ ከእግሬ ሥር የጋዝ ሲሊንደር አለ። አደጋው ጨምሯል፣ አረቦኑም ይጨምራል። ተጨማሪውን በዚያው ቀን ከፈልኩ። ግን ለዚህ አሥራ አንድ ቀን መጠበቅ ነበረብኝ? አድራሻው መቀየሩን የሚገልጸው ኢንዶርስመንት እጄ ሲገባ ከተዛወርኩ 47 ቀን ሆኖኛል።

47 ቀን ሙሉ የከፈልኩበት ዋስትና ባዶ ሱቅ ሲጠብቅ ከረመ! በእነዚያ ቀናት ቢቃጠልብኝ፣ አጣሪው መጀመሪያ የሚያየው አድራሻውን ነው። «ለወኪላችሁ ደውዬ ነግሬዋለሁ» ብል ማን ይሰማኛል? የስልክ ወሬ ማኅተም የለው። አረቦን ሲሆን በሞባይል በደቂቃ ይቀበላሉ፣ ቀኑ ሲደርስም በመልእክት ያስታውሳሉ። «አድራሻዎ ያው ነው ወይ?» ብሎ አንድ መስመር መጨመር ምን ያህል ይከብዳል?

የእነዚያን ቀናት አረቦን መልሱልኝ ብዬ ትናንት ደብዳቤ አስገብቻለሁ። ኮፒዬ ላይም ማኅተም አስመትቻለሁ።