እግር መስቀሉ ለእሷ፣ ምርመራውስ?

«ከተገናኘን በኋላ እግሬን ግድግዳ ላይ ሰቅዬ ግማሽ ሰዓት እተኛለሁ። አሁንም አልያዘልኝም። ሰዓቱን ልጨምርበት?»

አትጨምሪ። ወዲያው ተነስተሽ ሽንት ቤት ብትሄጂም የሚቀርብሽ ነገር የለም። የወንድ ዘር በደቂቃዎች ውስጥ የማህፀን በር ላይ ወዳለው ፈሳሽ ገብቶ በራሱ ጅራት እየዋኘ ወደ ላይ ይሄዳል። ስትነሺ ሲወርድ የምታይው ሌላው ፈሳሽ ነው። ቢወርድም ጉዳት የለውም።

ጠያቂዋ ጅማ ያለች የአክስቴ ልጅ ናት። ካገባች ዓመት አልፏታል። ዘንድሮ ጅማ ስሄድ ፈረንጅ አራዳ አካባቢ ካለው ቤቷ ቡና ተፈልቶ ጎረቤት ተሰብስቦ ነበር። አንዷ ትራስ ከወገብሽ ሥር አድርጊ አለች። ሌላዋ ቅጠል አዘዘች። እግር መስቀሉን ጀርመን ያሉ ጓደኞቼም ይመክሩታል፤ ፈረንጆቹም ጭምር። ስለዚህ በዚህ አልተናደድኩም። ያናደደኝ ማንም ስለ ቀኑ አለመጠየቁ ነው።

እኔ ጠየቅኳት። የወር አበባዋ በየ24 ቀኑ ይመጣል። ታዲያ መቼ ነው የምትሞክሩት ስላት፣ «በ14ኛው ቀን ነዋ! እንቁላሉ የሚወጣው ያኔ አይደል?» አለችኝ። ባሏ ሾፌር ነው። ያን ቀን ጠብቆ ከመንገድ ይመለሳል።

14ኛው ቀን የሚሠራው ዑደቷ 28 ቀን ለሆነ ሴት ነው። እንቁላል የሚወጣው ቀጣዩ የወር አበባ ከመምጣቱ 14 ቀን ገደማ ቀደም ብሎ ነው። ስለዚህ ቆጠራው ከኋላ ነው። ከ24 ላይ 14 ሲቀነስ 10 ይቀራል። የእሷ እንቁላል የሚወጣው ደም ካየችበት ቀን ጀምሮ በ10ኛው ቀን አካባቢ ነው። ከወጣ በኋላ የሚቆየው ደግሞ ቢበዛ አንድ ቀን ነው። ባሏ በ14ኛው ቀን ሲደርስ እንቁላሉ ከሞተ ቆይቷል። እሷ ግን ግድግዳው ላይ እግሯን ሰቅላለች።

የወንዱ ዘር ግን ይታገሳል። በሴቷ ማህፀንና ቱቦ ውስጥ እስከ 5 ቀን ሊቆይ ይችላል። ስለዚህ ለእሷ የሚያዋጣት ከ5ኛው እስከ 10ኛው ቀን ያለው ነው፤ በተለይ የመጨረሻዎቹ ሦስት ቀናት። በእነዚህ ቀናት በየቀኑ ወይም ቀን እያለፉ መገናኘት በቂ ነው።

እዚያው ቡና ላይ አንዷ «በወር አበባ ጊዜማ በፍጹም አይረገዝም» ስትል ሁሉም ራሱን ነቀነቀ። ይቺኑ የአክስቴን ልጅ እንይ። ደሟ 6 ቀን ይፈሳል እንበል። በ6ኛው ቀን ብትገናኝ ዘሩ 4 ቀን ጠብቆ እንቁላሉን ሊያገኘው ይችላል። ዑደቷ ረዥም ለሆነ ሴት ዕድሉ ጠባብ ነው፤ አጭር ለሆነባት ግን እውነተኛ ዕድል ነው። በዚህ ወሬ ተማምነው ሳያስቡት ያረገዙ ልጆች አሉ። ደግሞ አንዳንዴ በዑደት መሀል የምትታይ ትንሽ ደም የወር አበባ ትመስላለች፤ አይደለችም።

ቆጠራውም ቢሆን ግምት ነው። ጭንቀት ወይም ሕመም እንቁላሉን ሊያዘገየው ይችላል። ዑደቷ ለሚዘበራረቅባት ሴት ደግሞ ጭራሽ አይሠራም። ለእሷ ሰውነቷ የሚሰጣት ምልክት ይሻላል። እንቁላሉ ሊወጣ ሲል ከታች የሚወጣው ፈሳሽ ይጠራል፣ ያሟልጫል፣ በሁለት ጣት ሲስቡት እንደ ጥሬ እንቁላል ነጩ ይለጠጣል። ያኔ ነው ጊዜው። ላለማርገዝ ግን በዚህ አትተማመኑ።

አሁን ወደ ባልየው ልምጣ። ጀርመን ጓደኛዬ ልጅ ዘገየብን ብላ ሐኪም ጋ ስትሄድ፣ ገና በመጀመሪያው ቀጠሮ ባልሽም ይመርመር ተባለች። ባሏም ሳያንገራግር ሄደ። ከ2 እስከ 7 ቀን ከግንኙነት ይታቀባል፣ ዘሩን በብልቃጥ ይሰጣል፣ ላቦራቶሪው ብዛቱን፣ እንቅስቃሴውንና ቅርጹን ያያል። ውጤቱ ጥሩ ካልሆነ ይደገማል። ከሴቷ ምርመራ ሁሉ ይቀላል። ልጅ ከዘገየባቸው ጥንዶች ግማሽ ያህሉ ላይ በወንዱ በኩል ያለ ችግር ብቻውን ወይም ከሴቷ ጋር ተደርቦ ይገኛል። ከ35 ዓመት በታች ላለች ሴት አንድ ዓመት ሞክሮ ካልሆነ፣ 35 ለሞላት ደግሞ ከ6 ወር በኋላ፣ ሁለቱም መታየት አለባቸው።

ይህን ለአክስቴ ልጅ ባል ስነግረው «እኔ ምን ሆኜ!» አለኝ። ጤነኛ ነው፣ ጉልበት አለው፣ አልታመመም። በግንኙነት ብርቱ መሆን ስለ ዘሩ ምንም እንደማይናገር ማን ያስረዳው? እሷ አልትራሳውንድ ተነስታለች፣ ደም ሰጥታለች፣ ቅጠል ጠጥታለች። እሱ ብልቃጥ አልያዘም።

ቀኑን አስተካክለዋል፣ ለዚያ ሰምቶኛል። ላቦራቶሪ ግን እስካሁን አልሄደም። እናቱ ደግሞ ሰሞኑን ደውለው አዲስ ቅጠል እንዳገኙላት ነግረዋታል።