ሉቃስ 18 እና የተሰበረው ቧንቧ

የእድራችን ጸሐፊ መሪጌታ ናቸው። የሰፈሩ የውኃ መስመር ተሰብሮ አስራ አንድ ቀን ሲሞላን፣ ለውኃው መሥሪያ ቤት ማመልከቻ እንዲጽፉ ተወሰነ። ሁለት ቀን ፈጅተው ሦስት ገጽ ይዘው መጡ። እኔ አንብቤ በታይፕ እንዳስመታው ተሰጠኝ።

የመጀመሪያው ገጽ ያለቀው «በስመ አብ» ብሎ፣ ሙሴ በኮሬብ ዓለቱን መትቶ ውኃ ሲያወጣ ነው። ሁለተኛው ገጽ ላይ ማቴዎስ 10፥42 አለ፦ ለአንዱ ቀዝቃዛ ጽዋ ውኃ ያጠጣ ዋጋው አይጠፋበትም። ደስ ይላል። ችግሩ፣ እኛ የጠየቅነው ጽዋ ሳይሆን የሁለት ኢንች ቧንቧ መሆኑ ነው። የቧንቧው ነገር የመጣው ሦስተኛው ገጽ ግርጌ ላይ፣ ከፊርማው በላይ ባለችው አንድ መስመር ነው። የት እንደተሰበረ አይናገርም። መቼ እንደተሰበረም አይናገርም።

«መሪጌታ፣ ጉዳዩ የሚለው መስመር የታለ?»

«ጉዳዩማ ውስጡ አለ። የሚያነብ ሰው ያገኘዋል።»

እኔም አክብሬያቸው ምንም ሳልነካ አስመታሁት። ማኅተም ተደርጎበት ገባ።

በሳምንቱ ልንከታተል ሄድን። መዝገብ ቤት ያለችው ልጅ መዝገቧን ገልጣ፣ «ይሄማ ለሕዝብ ግንኙነት ተመርቷል» አለችን። ለምን ብንላት፣ «ምን እንደሆነ አልገባንም። የበዓል መልካም ምኞት መስሎን ነው» አለች። አልፈርድባትም። መዝገብ ቤት የሚያነበው ቀኑን፣ ላኪውን እና «ጉዳዩ» የሚለውን ነው። ደብዳቤ የሚመራው በዚያች መስመር ነው። እዚያ ቦታ ላይ ሙሴን ያገኘ ሰው ለጥገና ክፍል አይመራውም።

ከሁሉ የባሰው ግን ሌላ ነበር። ኃላፊው ዘንድ ስንገባ ደብዳቤው ጠረጴዛቸው ላይ ነበር፣ አንድ ቦታ በቀይ ተሰምሮበት። መሪጌታ «ሳንታክት እንድንለምን በሉቃስ 18 እንደተጻፈው» ብለው ነበር። እሳቸው ያሰቡት ሳትሰለች የተመላለሰችውን መበለት ነው። ኃላፊው ደግሞ የሰንበት ትምህርት ቤት ልጅ ኖረዋል።

«እሷ እናንተ ከሆናችሁ» አሉ መነጽራቸውን አውልቀው፣ «እግዚአብሔርን የማይፈራው፣ ሰውንም የማያፍረው ዳኛ እኔ ነኝ ማለት ነው?»

መሪጌታ አፋቸውን ከፈቱና ዘጉት። ጥቅስ ብቻውን አይመጣም። ምዕራፉን፣ ጎረቤቱን፣ ዘመዱን ሁሉ አስከትሎ ነው የሚገባው።

ማታ ቁጭ ብለን አዲስ ጻፍን። ምኒልክ እንኳ «ሞዓ አንበሳ ዘእምነገደ ይሁዳ» ብለው ከራእይ 5 የመጣችውን ከላይ ያኖሩና፣ ደኅንነት ጠይቀው ወደ ጉዳያቸው ይገባሉ ብዬ ተከራከርኩ። ይቺን ወደዷት። በተጨማሪ ከእድርተኛው ሲሶው ሙስሊም ነው፤ ማኅተሙ የሁላችንም ነው። መንግሥትና ሃይማኖት የተለያዩ ናቸው የሚለውን የሕገ መንግሥቱን አንቀጽ 11 ላነሳ ስል «እሱንም አትጥቀስብኝ» አሉኝ። ልክ ናቸው።

የወጣው ይሄ ነው፦

«ጉዳዩ፦ የተሰበረ የውኃ መስመር እንዲጠገንልን ስለመጠየቅ። ከወፍጮ ቤቱ ፊት ለፊት፣ ከመብራት ምሰሶው ሥር ያለው መስመር ከተሰበረ 20 ቀን ሆኖታል። በዚህ ምክንያት 42 አባወራዎች ውኃ አጥተዋል፤ የሚፈሰውም ውኃ መንገዱን እየቦረቦረው ነው። የጥገና ሠራተኛ እንዲላክልን እየጠየቅን፣ ቦታውን የሚያሳይ ሰው በሥራ ሰዓት የምናዘጋጅ መሆኑን እንገልጻለን። ከሰላምታ ጋር።»

መሪጌታ ሁለቴ አነበቡት። «ራቁቱን ነው» አሉ።

«ማቴዎስ 5፥37ን አስቡት እንጂ፤ ቃላችሁ አዎን አዎን ወይም አይደለም አይደለም ይሁን ይላል።»

«እንግዲያ እሷን ከላይ እናድርጋት?»

አላደረግናትም። በሦስተኛው ቀን ሁለት ሠራተኞች መጥተው ጠገኑት።

ጥቅስ አልወድም እንዳትሉኝ። ባለፈው እድርተኛችን ልጁ ሲሞትበት፣ መሪጌታ በማጽናኛው ደብዳቤ ላይ ከኢዮብ አንዲት መስመር ብቻ አስገቡ፦ «እግዚአብሔር ሰጠ፥ እግዚአብሔርም ነሣ።» አባትየው ያንን ወረቀት እስካሁን በኪሱ ይዞት ይዞራል። እዚያ የሚጠገን ነገር ስለሌለ፣ «ጉዳዩ» ብሎ የሚጽፍ ሰው ነው ጅል የሚሆነው። ለሰበካ ጉባኤው ድንኳን እንዲያውሱን ሲጽፉም አንድ ጥቅስ አይከፋም፤ ተቀባዩ ቋንቋው ነው። ድንኳኑ ለመቼ እንደሚፈለግ ካልተረሳ።

የተጠገነው ቧንቧ ግን በወሩ ያው ቦታ ላይ ፈነዳ። ያንኑ ደብዳቤ ቀን ቀይረን አስገባን። ዝም። ደገምን። ዝም። በሦስተኛው መሪጌታ እስክሪብቶአቸውን ይዘው ዓይን ዓይኔን አዩኝ።

«ሉቃስ 18ን ልመልሳት?»

ቀና ብዬ ባዶውን ጀሪካን አየሁ። አይሆንም አላልኩም።