አክስቴን ስድስት ሰዓት ያስጠበቀው ቁጥር

«ጋሼ፣ ድምፁ ቁጥሩን ራሱ ያነበው የለ እንዴ? እኔ ለምን በፊደል እየጻፍኩ እደክማለሁ?»

ይህን ያለኝ ባሕር ዳር ውስጥ ለጀልባ ጉዞ የሚደውሉ ሰዎች የሚሰሙትን መልእክት የሚያዘጋጅ ወጣት ነው። እሱ ጽሑፉን ያስገባል፣ ኮምፒውተሩ በአማርኛ ድምፅ ያነበዋል።

ማንበቡንስ ያነበዋል። ችግሩ የሚጀምረውም እዚያ ላይ ነው።

ባለፈው ዓመት አክስቴ ዘጌ ለመሄድ አስባ ወደ አንድ ቦታ ደወለች። የማን እንደሆነ ይቅር። ድምፁ «ጀልባው በሁለት ሰዓት ተኩል ይነሳል» አላት። ጥርት ያለ አማርኛ ነው፣ የሚያጠራጥር ነገር የለውም። በማግስቱ ነጠላዋን አጣፍታ፣ ዳቦዋን ቋጥራ፣ ገና ሁለት ሰዓት ሳይሞላ ሐይቁ ዳር ደረሰች። ሦስት ሰዓት ሆነ። አራት ሆነ። ሰው የለም። አንድ ታንኳ ቀዛፊ አዝኖላት ጥላ ሥር አስቀመጣት። ጀልባው የተነሳው ከቀኑ በስምንት ሰዓት ተኩል ነው።

መልእክቱን የጻፈው ሰው ያስገባው `2:30 PM` ብሎ ነበር። ድምፁ ሁለቱን ፊደሎች ዋጣቸውና ቁጥሩን ብቻ አነበበ። ልክ ስድስት ሰዓት። እንዲህ ዓይነት ስህተት ሲገጥማችሁ ልዩነቱን ቁጠሩት። ስድስት ከሆነ ጥፋተኛው ይታወቃል፤ የውጭ ሰዓት የአማርኛ ልብስ ለብሶ መጥቷል ማለት ነው።

የሚገርመኝ ደግሞ ይሄ ነው። ያ ሰው `14:30` ብሎ ቢጽፍ ኖሮ ድምፁ «አሥራ አራት ሰዓት ከሠላሳ» ይል ነበር። አክስቴም «ደግሞ አሥራ አራት ሰዓት የሚባል መጣ?» ብላ ስቃ፣ ደውላ ሰው ትጠይቅ ነበር። የሚያስቅ ስህተት ሰው አይጎዳም። የሚጎዳው ሲሰሙት የሚያምረው ነው። ስለዚህ መልእክት የሚፈትሽ ሰው «ለጆሮ ይጥማል ወይ?» ብሎ ብቻ ቢጠይቅ አይበቃም። ከወረቀቱ ጋር ማስተያየት አለበት።

ወደ ወጣቱ ልመለስ። ያሳየኝ ጽሑፍ ይህ ነበር።

```
ጀልባ፦ 12/05/2017  14:30
ቆይታ፦ 1:30
ዋጋ፦ 350.50 ብር
ቢሮ፦ ቀበሌ 03
```

አራት መስመር ናት። ቁጭ ብለን አንድ በአንድ አየናት።

ከሰዓቱ ጀመርን። ስሌቱ ቀላል ነው። ከ7 እስከ 18 ላለው ስድስት ትቀንሳለህ፣ ከ19 እስከ 23 ላለው አሥራ ስምንት ትቀንሳለህ፣ ከእኩለ ሌሊት እስከ ንጋት ላለው ስድስት ትጨምራለህ። `14:30` ስምንት ሰዓት ተኩል ይሆናል። ይህን ማሽን በቀላሉ ይሠራዋል። ማሽኑ የሚጎድለው አነጋገሩ ነው። ሰው «ስምንት ሰዓት ከሠላሳ ደቂቃ» አይልም፤ «ተኩል» ነው የሚለው። አሥራ አምስት ደቂቃ ሲያልፍ «ስምንት ከሩብ» ነው። አርባ አምስት ሲሞላ ደግሞ አፋችን ወደሚቀጥለው ሰዓት ይዞራል፤ «ለዘጠኝ ሩብ ጉዳይ» እንላለን። ሃምሳ ሲሆን «ለዘጠኝ አሥር ጉዳይ»። ማሽኑ ስምንትን ይዞ ሲጎትት ሰሚው ዘጠኝን እየጠበቀ ነው።

የቀኑ ክፍልም አይቀርም። አሥራ ሁለት ሰዓት በቀን ሁለት ጊዜ ይመጣል፤ «ከጠዋቱ» ወይም «ከምሽቱ» ካልተባለ መልእክቱ ግማሽ ነው። ስምንት ሰዓትም «ከቀኑ» ይፈልጋል። ድንበሩ ላይ ሰው ይለያያል፤ አሥራ አንድን «ከቀኑ» የሚል አለ፣ «ከምሽቱ» የሚልም አለ። እሱ ላይ አልጨቃጨቅም። አንዱን መርጦ በሁሉም መልእክት ላይ እንደዚያው መቀጠል ይበቃል።

ከሁሉም የከፋው ግን ሌሊቱ ነው። የኛ ቀን የሚጀምረው ሲነጋ ነው፣ ኮምፒውተሩ ውስጥ ያለው ቀን ግን እኩለ ሌሊት ላይ ይለወጣል። ወደ አዲስ አበባ የሚሄድ አውቶቡስ `ማክሰኞ 05:00` ተብሎ ተጻፈ እንበል። ማሽኑ ስሌቱን አክብሮ «ማክሰኞ ከሌሊቱ አሥራ አንድ ሰዓት» ይላል። ሰዓቱ ልክ ነው። ሰሚው ግን «ማክሰኞ ሌሊት» ሲባል ማክሰኞ ውሎ፣ መሽቶ ከዚያ በኋላ ያለው ሌሊት ነው የሚገባው። ሻንጣውን ይዞ የሚመጣው ረቡዕ ሊነጋ ሲል ነው። አውቶቡሱ ሄዷል፣ ከአንድ ቀን በፊት። ለዚህ አማርኛችን የተዘጋጀ ቃል አለው፤ «ለማክሰኞ አጥቢያ፣ ከሌሊቱ አሥራ አንድ ሰዓት»። ዜና አንባቢዎች በደንብ ያውቁታል። የስልክ መልእክት ጸሐፊዎች ለምን እንደረሱት አላውቅም። ከእኩለ ሌሊት እስከ ንጋት ያለ ጉዞ ሁሉ «አጥቢያ» ሳይባል መነገር የለበትም ባይ ነኝ።

ሁለተኛው መስመር ላይ ወጣቱ ሊወድቅ ነበር። `1:30` የሚለውን ሲያይ ስሌቱ ተመችቶት «ሰባት ሰዓት ተኩል» ሊያደርገው እጁን ሰነዘረ። እሱ ግን የመነሻ ሰዓት አይደለም፣ የጉዞው ርዝመት ነው። ርዝመት ስድስት አይጨመርበትም፣ አይቀነስበትም። «ጉዞው አንድ ሰዓት ተኩል ይፈጃል» ነው። ለማሽን ሁለቱም አንድ ዓይነት ቁጥር ናቸው። ለይቶ የሚነግረው ሰው ያስፈልጋል።

ቀኑ ደግሞ የራሱ ጣጣ አለው። `12/05/2017` ሦስት ሰው ቢያነበው ሦስት ቀን ይሆናል። ለኛ ጥር 12 ነው፣ ጥር አምስተኛው ወራችን ነውና። የውጭውን አቆጣጠር ለለመደ ድምፅ «ሜይ አሥራ ሁለት» ነው፤ አሜሪካኛ ከለመደ «ዲሴምበር አምስት»። ዓመቱን ካየን ደግሞ የኛ 2017 እና የፈረንጆቹ 2017 በሰባት፣ በስምንት ዓመት ይራራቃሉ። ጥር 12 ቀን 2017 ዓ.ም. በነሱ ጃንዋሪ 20 ቀን 2025 ነበር፣ ሰኞ። በኛ የጥምቀት ማግስት፣ የቃና ዘገሊላ ዕለት ነው። መፍትሔው በስላሽ የተጻፈን ቀን ለድምፅ አለመስጠት ነው። የወሩ ስም ይጻፍ፣ የሳምንቱ ቀንም ይጨመር፤ «ሰኞ ጥር አሥራ ሁለት»። አንዱ ቢሳሳት ሌላው ያጋልጠዋል። አክስቴን ብትጠይቋት «ሚካኤል ዕለት» በሉ ትላለች፤ እሷ ቀን የምትቆጥረው በታቦት ነው። ለአማርኛ ሰሚ ከዚህ የበለጠ ግልጽ የለም፤ ግን ለሁሉም ደዋይ አይሆንም።

ዋጋው ላይ ማሽኑ «ሦስት መቶ ሃምሳ ነጥብ አምስት ዜሮ ብር» ይላል። ገበያ ላይ እንዲህ ብሎ የሚጠራ ሻጭ አላጋጠመኝም። «ሦስት መቶ ሃምሳ ብር ከሃምሳ» ነው የሚባለው። ያቺ «ከ» ትልቅ ሥራ አላት፤ ሰዓቱንም፣ ብሩንም፣ ኪሎውንም የምታያይዘው እሷ ናት። «ተኩል» ደግሞ ሁልጊዜ ከመለኪያው ኋላ ነው የሚመጣው። 2.5 ኪሎ ዓሣ «ሁለት ኪሎ ተኩል» ነው፣ 0.5 «ግማሽ ኪሎ»፣ 0.25 «ሩብ ኪሎ»። «ነጥብ» የሚያምረው ለመሐንዲስና ለሐኪም ነው። 150 ብርም «መቶ ሃምሳ» ነው። «አንድ መቶ ሃምሳ ብር» ሲባል ቼክ የሚጽፍ ሰው ነው ትዝ የሚለኝ።

ዜሮ ላይ ትንሽ ተከራከርን። ከቀኑ ላይ `05` ሲነገር ዜሮዋ ትጠፋለች፣ ወሩ በስሙ ይጠራልና። ቀበሌ 03 ላይ ግን ዜሮዋ ስም ሆናለች። ሰው «ቀበሌ ዜሮ ሦስት» ነው የሚለው፣ ባለ ባጃጁም የሚያውቀው እንደዚያ ነው። ማሽኑ «ትርጉም የላትም» ብሎ ከጣላት ነገሩ ጎርበጥ ይላል።

ሌላው የማይታየው ችግር መስተዋድዱ ነው። `በ8`፣ `ከ10`፣ `5ኛ` ብለን ስንጽፍ ዓይናችን ያያይዘዋል። ድምፁ ግን «ከ» ብሎ ቆም ይላል፣ ከዚያ «አሥር»። ሰው ሲናገር «ካሥር» ነው፣ «ላንድ» ነው። `5ኛ` ላይም «አምስት ኛ» ሲል ሰምቻለሁ። ትክክለኛው «አምስተኛ» ነው፣ የመጨረሻው ፊደል ይለወጣል። «ሃያኛ» እና «መቶኛ» ላይ ግን አይለወጥም፣ ምክንያቱም ቀድሞውኑ በአናባቢ ያበቃሉ። ይህን ሁሉ ለማሽኑ ደንብ አድርጎ ማስገባት ይቻላል። ደንቡ እስኪገባ ድረስ ግን በፊደል ጽፎ መስጠት ነው የሚያዋጣው። እኔ ለድምፅ በሚሄደው ቅጂ ላይ «ካሥር» ብዬ እጽፋለሁ፤ ለሕትመት በሚሄደው ላይ «ከአሥር»።

አንድ ተቃውሞ አለ፣ ተገቢም ነው። የአውሮፕላን ትኬት ላይ የሚታተመው `14:30` ነው፤ ድምፁ «ስምንት ተኩል» ካለ መንገደኛው ከትኬቱ ጋር ሲያስተያየው ይደናገራል፣ ይላሉ። ጣና ላይ የውጭ ጎብኚም አለ። እውነት ነው። ሰው ወረቀት በእጁ ይዞ በሚሰማበት ቦታ ሁለቱም ይነገሩ፤ ግን የኛው ይቅደም፣ ሁለተኛውም «ትኬቱ ላይ አሥራ አራት ሰዓት ከሠላሳ ተብሎ የተጻፈው» ተብሎ በግልጽ ይለይ። አማርኛ መርጦ ለደወለ፣ ወረቀት ለሌለው ሰው ግን የውጭ ሰዓት መጥቀስ አያስፈልግም። ጎብኚው እንግሊዝኛውን ይጫናል።

በመጨረሻ ወጣቱ የጻፈው ይህ ሆነ። «ጀልባው ሰኞ ጥር አሥራ ሁለት፣ ከቀኑ በስምንት ሰዓት ተኩል ይነሳል። ጉዞው አንድ ሰዓት ተኩል ይፈጃል። ዋጋው ሦስት መቶ ሃምሳ ብር ከሃምሳ ነው። ቢሮው ቀበሌ ዜሮ ሦስት ነው።»

በስልክ ለአክስቴ አሰማኋት። እስከ መጨረሻው አዳመጠችና «ሃምሳ ሳንቲሟን ግን ተዉአት» አለች።