ምድብ 1 ማለት ምን ማለት ነው? ስለ ቋሊማ፣ ስለ ቋንጣና ስለ ጥብስ

«ቋሊማ እንደ ሲጋራ ካንሰር ያመጣል የሚሉት እውነት ነው? ቋንጣስ? ልጄን ምን ላብላው?»

ጅማ ውስጥ ጎረቤቴ ናት ይህን የጠየቀችኝ፣ ቅዳሜ ቡና ተፈልቶ ሁለተኛው ላይ ስንደርስ። ስልኳ ላይ የመጣ ቪዲዮ አስደንግጧታል። ልጇ ጠዋት ጠዋት ዳቦ በቋሊማ ይዞ ነው ትምህርት ቤት የሚሄደው።

ወሬው መነሻ አለው። ፈረንሳይ ሊዮን ከተማ የሚገኘው የዓለም ጤና ድርጅት የካንሰር ምርምር ኤጀንሲ በጥቅምት 2008 ዓ.ም. አንድ ውሳኔ አሳውቆ ነበር። ከ10 አገሮች የተሰበሰቡ 22 ባለሙያዎች ከ800 በላይ ጥናቶችን አገላብጠው እንደ ቋሊማ ያለ የተቀነባበረ ሥጋን ምድብ 1 ውስጥ፣ ቀይ ሥጋን፣ ማለትም የበሬ፣ የበግ፣ የፍየልና የመሳሰለውን ሥጋ፣ ደግሞ ምድብ 2ኤ ውስጥ አስገቡ። ምድብ 1 ውስጥ ሲጋራም አለ፣ አልኮልም አለ፣ የፀሐይ ጨረርም አለ። ቪዲዮው ይህን ይዞ ነው «እኩል ናቸው» ያለው፤ ስህተቱም እዚህ ላይ ነው።

ምድቡ የሚናገረው ማስረጃው ምን ያህል እንደጠነከረ ነው። ጉዳቱ ምን ያህል እንደሆነ አይናገርም። ፍርድ ቤት የቀረቡ ሁለት ሰዎችን አስቡ፤ አንዱ ዶሮ ሰርቋል፣ ሌላው ሰው ገድሏል፣ በሁለቱም ላይ የማያጠራጥር ምስክር ቀርቦ ጥፋተኛ ተባሉ። ጥፋተኛ መባላቸው አንድ ነው፣ ጥፋታቸው ግን አይገናኝም። ምድብ 1 ማለት «ካንሰር ማምጣቱ ተረጋግጧል» ማለት ብቻ ነው። ምድብ 2ኤ ደግሞ «ሳያመጣ አይቀርም» ነው፤ ቀይ ሥጋ እዚያ የቀረው በሰው ላይ የተደረጉት ጥናቶች ግንኙነት ቢያሳዩም ሌላ ምክንያት፣ ለምሳሌ ሥጋ የሚያበዙ ሰዎች የተቀረው አኗኗራቸው፣ ሊኖርበት ይችላል የሚለውን ጥርጣሬ ሙሉ በሙሉ ማጥፋት ስላልተቻለ ነው።

እሺ፣ ጉዳቱስ ስንት ነው? ኤጀንሲው ያስቀመጠው ቁጥር በየቀኑ 50 ግራም የተቀነባበረ ሥጋ መብላት የትልቁን አንጀት ካንሰር አደጋ በ18 በመቶ ይጨምራል የሚል ነው። 50 ግራም አንድ መካከለኛ ቋሊማ ገደማ ነው። ሰው 18 በመቶ ሲሰማ ከ100 ሰው 18ቱ ይታመማል ብሎ ይደነግጣል፤ እንደዚያ አይደለም። ለስሌት ያህል ከ100 ሰዎች 5ቱ በሕይወት ዘመናቸው ይህ ካንሰር ይይዛቸዋል እንበል። መቶዎቹም በየቀኑ፣ ዕድሜ ልካቸውን፣ ያንን ቋሊማ ቢበሉ 5ቱ ወደ 6 ገደማ ይጠጋል። ሲጋራ ግን የሳንባ ካንሰርን አደጋ ከማያጨስ ሰው አንጻር ከ15 እጥፍ በላይ ያደርሰዋል። አንዱ ተጨማሪ ሰው ለቤተሰቡ ቀላል ነገር አይደለም፣ ያንን አልክድም፤ ግን ሁለቱን እኩል ማለት ሰውን ማሳሳት ነው።

ምድቦቹ ማስረጃን እየተከተሉ እንደሚቀያየሩ ለማየት ለእኛ ለጅማ ሰዎች ከቡና የተሻለ ምሳሌ የለም። ይኸው ኤጀንሲ እ.ኤ.አ. በ1991 ቡናን ከፊኛ ካንሰር ጋር አያይዞ «ሊያመጣ ይችላል» የሚለው ምድብ 2ቢ ውስጥ አስገብቶት ነበር። እ.ኤ.አ. በ2016 አዳዲስ ጥናቶች ሲታዩ ከዚያ አወጣው። ግን ከ65 ዲግሪ በላይ የሞቀ ማንኛውም መጠጥ፣ ቡናም ሻይም ውሃም ቢሆን፣ ለጉሮሮ ቧንቧ ካንሰር ተብሎ ምድብ 2ኤ ገባ። ከቀይ ሥጋ ጋር አንድ ምድብ ማለት ነው። ስለዚህ ቡናው ስኒ ላይ ትንሽ ይብረድ።

ወደ ቋንጣ ልምጣ። «የተቀነባበረ» የሚባለው ጣዕሙ እንዲጨምር ወይም እንዲቆይ በጨው፣ በማጨስ፣ በማብላላት ወይም በመሰል መንገድ የተዘጋጀ ሥጋ ነው። በጨውና በበርበሬ ታሽቶ የተሰቀለ ሥጋም በትርጉሙ ከዚሁ ይገባል። ግን የተጠኑት ሰዎች በአብዛኛው ቋሊማና የመሳሰለውን የሚበሉ ናቸው፤ ፋብሪካ የሚሠራው ቋሊማ ውስጥ የሚገባው፣ ሆድ ውስጥ ወደ ካንሰር አምጪ ውህድ ሊቀየር የሚችለው ናይትራይት ደግሞ ቤት በሚሰቀለው ቋንጣ ውስጥ አይጨመርም። ስለዚህ ያንን 18 በመቶ እንዳለ ቋንጣ ላይ መለጠፍ ልክ አይመስለኝም። ጥሬ ሥጋ ይሻል ወይ ለሚለው ኤጀንሲው መልስ የሚሰጥበት መረጃ አላገኘም፤ ኮሶውን ግን ሁላችንም እናውቀዋለን።

የጥብሱ ስሌት ቀላል ነው። ቀይ ሥጋን በተመለከተ ኤጀንሲው አደጋውን ያሰላበት መጠን በቀን 100 ግራም፣ በሳምንት 700 ግራም ማለት ነው። በሁለት ሳምንት አንዴ ግማሽ ኪሎ የሚበላ ሰው በቀን ሲካፈል 36 ግራም ገደማ ላይ ነው ያለው። በየቀኑ ሥጋ ቤት የሚቀመጠው ሰውዬ ግን ከመጠኑ በጣም አልፏል።

ጎረቤቴን ያልኳት ይኸው ነው፦ የልደት ቀን ላይ የሚበላው ቋሊማ አያስጨንቅሽ፣ የሚያሳስበው የየጠዋቱ ነው። ዳቦው ውስጥ አንድ ቀን እንቁላል፣ አንድ ቀን የምስር ወጥ፣ አንድ ቀን አቮካዶ አድርጊለት።