ሰላምታ መሃል ላይ ለምትቆርጡ ሰዎች

በቃ ሰለቸኝ! ምዕራብ አፍሪካ ደርሶ የተመለሰ ሰው ሁሉ የሚያወራው አንድ ነው። «ሰዎቹ ደጎች ናቸው፣ ሰላምታቸው ግን አያልቅም። ስለ ቤቱ ይጠይቁሃል፣ ስለ ሥራው ይጠይቁሃል፣ መልሱ ሁሌም ደህና ነው። ታዲያ ምን ያደርጋል?» ይሄን ማለቱ እንኳ ባልከፋ። እኔን የሚያበሽቀኝ ሰላምታውን ከመሃል ቆርጦ ጉዳዩ ውስጥ ዘው ይልና፣ ዞሮ ደግሞ «ፊት ነሱኝ» ብሎ ማማረሩ ነው።

እስኪ በሰሜን ናይጄሪያና በኒጀር የሚነገረውን የሐውሳን ሰላምታ እንየው። ጠዋት ከሆነ «ኢና ኩዋና?» ይባላል፣ እንዴት አደርክ እንደማለት። መልሱ «ላፊያ ላው» ነው፣ ደህና። ከዚያ «ኢና ጊዳ?» ይከተላል፣ ቤቱስ? «ላፊያ»። «ኢና ኢያሊ?» ቤተሰቡስ? «ላፊያ»። «ያያ አይኪ?» ሥራስ? እዚህ ላይ «ዳ ጎዲያ» ይባላል፣ ተመስገን ነው ነገሩ። «ኢና ጋጂያ?» ድካሙስ? «ባቡ ጋጂያ»፣ ድካም የለም። በመጨረሻ ጠያቂው «ቶ፣ ማዳላ» ካለ በሩ ተከፈተ ማለት ነው፤ ጉዳይ የሚነሳው ከዚህ ወዲህ ነው። ይህ ሁሉ ሳይቸኩሉ ቢባል እንኳ ደቂቃ አይሞላም። ለዚህ ነው እንግዲህ ያ ሁሉ ማማረር!

ስለ ሚስት በስሟ እየጠሩ መጠየቅ ብዙ ጊዜ እንደ ነውር ይታያል። «ቤቱስ?» ሲባል እሷም አብራ ተጠይቃለች። ይህን የማያውቅ እንግዳ ግን ወዳጅነት ያሳየ መስሎት ስሟን ጠርቶ ይጠይቃል፤ ባልየው ዝም ሲል ደግሞ ይገረማል።

ከዚህ የባሰው በእውነት የሚመልሰው ነው። «ድካሙስ?» ሲሉት «ኧረ ሌሊቱን ሙሉ አልተኛሁም፣ ወገቤም አመመኝ» ይላል። አሁን ጠያቂው ምን ይሁን? ገና መጠየቅ ያለበት ነገር አልጨረሰም፣ የሰማውን ችላ ብሎ ማለፍም አይችልም። ማጽናናት ይጀምራል፣ ሰላምታው እዚያው ተንጠልጥሎ ይቀራል። ልጁ የታመመበት የአገሩ ሰው ቢሆን ኖሮ ለሁሉም «ላፊያ» ብሎ፣ «ማዳላ» ከተባለ በኋላ «ልጁ ግን ትንሽ አሞታል» ይል ነበር። ሌላው ሕመሙን አስቀድሞ ከሰማ ደግሞ የራሱ ጥያቄ አለው፤ «ያ ማይ ጂኪ?» ይላል፣ የታመመውስ? ለዚህ «ዳ ሳውኪ» ይመለሳል፣ ቀለል ብሎታል። ብዙም ሳይሻለው እንኳ ይባላል።

«መልሱ ሁሌም አንድ ነው» የምትሉት እኮ ሥራው እዚያ ላይ ነው። መልሱ የታወቀ ስለሆነ ትንሽ ዝንፍ ሲል ወዲያው ይሰማል። ቤቱ ሲጠየቅ «ላፊያ»ው ዘግየት ካለ ወይም ድምፁ ካነሰ፣ ጠያቂው «ማዳላ» ካለ በኋላ የት ጋ እንደሚመለስ ያውቃል።

ማን ይጠይቃል የሚለውም ቀላል ነገር አይደለም። ጁዲት ኧርቫይን የምትባል አሜሪካዊት አንትሮፖሎጂስት በሴኔጋል የወሎፎችን ሰላምታ አጥንታ በ1974 (እ.ኤ.አ.) አሳትማለች። እዚያ ሰላምታውን የሚጀምረውና የሚጠይቀው በማዕረግ ዝቅ ያለው ነው፤ ከፍ ያለው ባጭሩ ይመልሳል። ከፍ ያለ ሰው ደግሞ ሲለመን የመስጠት ግዴታ አለበት። እንግዲህ አስቡት፤ ገንዘብ እንዳይጠየቅ የፈራ ባለ ማዕረግ ቀድሞ ሰላም ብሎ ጥያቄዎቹን ራሱ ይጠይቃል። ዝቅተኛውን ቦታ ያዘ ማለት ነው፣ አሁን እሱን መለመን አይመችም። ሁለት ሰዎች «እኔ ልጠይቅ፣ እኔ ልጠይቅ» ሲሻሙ ያየ እንግዳ የጨዋነት ብዛት ይመስለዋል። (ብልጠት እንጂ!)

እሺ፣ ቸኩላችኋል እንበል። ሐውሳ ጋ ከሆነ አዳሩን፣ ቤቱንና ሥራውን ጠይቁ፣ ፈጠን ብላችሁም ቢሆን፤ ሲጠይቋችሁም «ላፊያ» ብላችሁ መልሱ። «ማዳላ» እስኪባል ጠብቁና መቸኮላችሁን ያኔ ተናገሩ። ሰውየው ሽማግሌ ከሆነ ጎንበስ ወይም ቁጢጥ ብላችሁ እናንተ ጀምሩ። ቆማችሁ፣ ሰዓት እያያችሁ «ደህና፣ ደህና፣ እሺ እንግዲህ ወደ ጉዳዩ» ካላችሁ ግን፣ በኋላ የምትጠይቁትን ሁሉ «ነገ ና» እያሉ ቢያመላልሷችሁ ለእኔ አታልቅሱብኝ።